«ኦፓሲቲ» የበሽታ ስም አይደለም

ባዕብዳ ከቤይሩት በላይ ያለ ኮረብታ ነው። በረንዳ ላይ ቆመሽ ምንጣፍ ስታራግፊ ከታች ባሕሩም አየር ማረፊያውም ይታይሻል። እዚያ ካሉት ቤቶች በአንዱ የምትሠራ እህት በጥር ወር አንድ ማታ በስልኬ የወረቀት ፎቶ ላከችልኝ። ከፎቶው በታች የድምፅ መልእክት አለ፤ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። «እህቴ፣ ማዳም ቲቢ አለብሽ አለችኝ። ሳህንና ብርጭቆዬን ለይታዋለች። ቲኬት ልትቆርጥልኝ ነው። እውነት ነው ወይ?»

ወረቀቱ የደረት ራጅ ውጤት ነበር፤ አምስት መስመር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ቲቢ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም።

ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ወሎ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ራጅ ክፍል አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ራጅ አንሺ ነበርኩ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ እዚህ ደግሞ እንደ ሁላችሁም የሰው ቤት ነው የምሠራው። ግን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወረቀታቸውን ይዘው የሚመጡ እህቶች አሉ፤ እኔም አነብላቸዋለሁ። በእነዚህ ዓመታት አንድ ነገር ተረድቻለሁ። ብዙዎቻችንን ከሥራ የሚያስወጣን በሽታው ሳይሆን ያልተነበበ ወረቀት ነው። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ማዳም ትቀበለዋለች፣ ማዳም በገባት መንገድ በዐረብኛ ትተረጉመዋለች፣ የደረቱ ባለቤት ደግሞ ከሁሉም በኋላ ትሰማለች። እኔ የምለው ይህ አሠራር መገልበጥ አለበት ነው። ለምን እንደምል ለማስረዳት የዚያችን እህት አምስት መስመር አንድ በአንድ ላንብብላችሁ።

መስመር አንድ፦ «በቀኝ ሳንባ የታችኛው ክፍል ኦፓሲቲ ይታያል»

ራጅ በሰውነት ውስጥ አልፎ ከኋላ ያለውን ሰሌዳ የሚመታ ጨረር ነው። አየር ጨረሩን አያግደውም፤ ስለዚህ ጤነኛ ሳንባ በፊልሙ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። አጥንት ያግደዋል፤ ነጭ ይሆናል። ውሃ፣ ደም፣ መግልና ሥጋ በመካከል ናቸው፤ ነጣ ያለ ግራጫ ይሆናሉ። «ኦፓሲቲ» ማለት እንግዲህ ጥቁር መሆን በነበረበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ ነገር ታየ ማለት ነው። በፈረንሳይኛ የተጻፈ ከሆነ «ኦፓሲቴ» ይላል፤ ያው ነው። እኛ አገር ሐኪሞች «ጥላ አለ» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ጥላ ይባል እንጂ ፊልሙ ላይ ጥቁር ሳይሆን ነጭ ነው።

ልብ በሉ፣ ይህ ቃል የሚናገረው ስለ ቀለም ብቻ ነው። አየር ሊሆን የሚገባው ቦታ ላይ ሌላ ነገር አለ ይላል፤ ያ ነገር ምን እንደሆነ አይናገርም። የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ቲቢ ሊሆን ይችላል። የዛሬ አሥር ዓመት ታመሽ የዳንሽበት ጠባሳ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ትንፋሽ በደንብ ሳትስቢ ራጁ ስለተነሳ ብቻም ይታያል። በረንዳ ላይ ሆነሽ ከሩቅ ጭስ ስታዪ አንድ ነገር እንዳለ ታውቂያለሽ፤ ቡና ይቆላ ወይም ቤት ይቃጠል ግን ቀርበሽ ካላየሽ አታውቂም። «ኦፓሲቲ» ጭሱ ነው።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ፊልሙን ወደ ብርሃን ስታነሺው ሐኪሙ ፊት ለፊት እንደቆምሽ አድርገሽ ነው የምታዪው፤ ስለዚህ የአንቺ ቀኝ በፊልሙ ግራ በኩል ይሆናል። ወረቀቱ ላይ «ቀኝ» ሲል ግን የአንቺን ቀኝ ማለቱ ነው። ያቺ እህት «የሚያመኝ በቀኝ ነው፣ ፊልሙ ላይ ነጩ በግራ ነው፤ የእኔ አይደለም ማለት ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። የራሷ ነበር።

መስመር ሁለት፦ «በውስጡ አየር ያለባቸው ቱቦዎች ይታያሉ፤ ከኮንሶሊዴሽን ጋር ይስማማል»

ይህ መስመር ከመጀመሪያው አንድ ደረጃ ይጠጋል። ሳንባ እንደ እንጀራ ነው፤ ዐይን በዐይን ነው። በጤና ጊዜ እያንዳንዱ ዐይን አየር ይይዛል። ወጥ ሲፈስበት ዐይኑ ይሞላል፤ እንጀራው ቅርጹ ሳይቀየር ይከብዳል። «ኮንሶሊዴሽን» ማለት የሳንባው ዐይኖች በአየር ፋንታ በመግል፣ በውሃ ወይም በደም ተሞልተው ያ የሳንባ ክፍል ጠጠር አለ ማለት ነው። ፈረንሳይኛው «ኮንዳንሳስዮን» ይለዋል።

አንባቢው ሐኪም ይህን እንዴት ያውቃል? አየር የሚያስገቡት ትላልቅ ቱቦዎች ክፍት ስለሆኑ በነጩ መሀል እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ጥቁር ሆነው ይወጣሉ። በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ነጭ ካልሆነ ቱቦዎቹ አይለዩም ነበር። መስመሩ «አየር ያለባቸው ቱቦዎች» ያለው ለዚህ ነው።

ኮንሶሊዴሽን በብዛት የሚገኘው በሳንባ ምች ነው። ግን እሱም የበሽታ ስም አይደለም። ቲቢም ዐይኖቹን ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ታሪኩን ይጠይቃል፤ መቼ ጀመረሽ? የዚያች እህት ታሪክ አጭር ነበር። ከአምስት ቀን በፊት ሶቢያው አጠገብ ተቀምጣ ልብስ ስትተኩስ በድንገት ብርድ አንቀጠቀጣት። ማታውኑ ትኩሳት መጣ። በሁለተኛው ቀን የዛገ ብረት የመሰለ አክታ፣ ትንፋሽ ስትስብ ደግሞ በቀኝ ጎኗ ውጋት። እንዲህ በድንገት መጥቶ በቀናት ውስጥ የሚብስ ነገር የምች ጠባይ ነው። ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የማታ ላብ፣ ልብስ እስኪሰፋ መክሳት። ይህ ግን ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። በዚህ ላይ እኔ ራሴ ተሳስቼ ስለማውቅ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

መስመር ሦስት፦ «በቀኝ በኩል አነስተኛ የፕሌውራ ኢፊውዥን አለ»

ማዳምን ያስደነገጣት ይህ መስመር ይመስለኛል። «ሳንባዋ ውሃ ቋጥሯል» ብላ ነው ለባሏ የነገረችው።

ውሃው ሳንባው ውስጥ አይደለም። ሳንባ በሁለት ስስ ሽፋኖች ተጠቅልሎ ነው የተቀመጠው፤ አንዱ ከሳንባው፣ ሌላው ከጎድን አጥንት ጋር ተጣብቋል። በሁለቱ መሀል ሲተነፍሱ እንዲንሸራተቱ የሚያደርግ ጥቂት እርጥበት አለ። ያ እርጥበት ከልክ ሲያልፍ «ኢፊውዥን» ይባላል፤ በፈረንሳይኛ «ኤፓንሽማን»። በእንጀራው ምሳሌ ከሄድን፣ ኮንሶሊዴሽን ዐይኑ ውስጥ የገባው ወጥ ነው፤ ኢፊውዥን ደግሞ ከእንጀራው ውጭ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ነው።

ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ ቆመሽ ራጅ ስትነሺ ከሳንባው ግርጌ፣ በጎን በኩል ያለችውን ሹል ማዕዘን ይሞላታል። ጤነኛ ማዕዘን እንደ ቢላ ጫፍ የሾለ ነው፤ ውሃ ሲኖር ይደንዛል። አንዳንድ ወረቀት «ማዕዘኑ ደንዝዟል» ወይም «ማዕዘኑ ተሞልቷል» ብቻ ብሎ ያልፋል፤ ትርጉሙ ያው ትንሽ ፈሳሽ አለ ነው። ከፊት በተነሳ ራጅ ማዕዘኑ እስኪደነዝዝ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ያህል መጠራቀም አለበት፤ ሦስት ስኒ ቡና ያህል ማለት ነው። «አነስተኛ» ሲባል እንግዲህ ይህን የሚያህል ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሳንባውን ከታች እየገፋ ትንፋሽ ያሳጥራል።

በሳንባ ምች ጊዜ ጎረቤት ያለው ሽፋን ተቆጥቶ እንዲህ ጥቂት ውሃ ማውጣቱ የተለመደ ነው። ምቹ ሲድን አብሮ ይደርቃል። ነገር ግን መድኃኒት ተጀምሮ ትኩሳቱ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ካልወረደ፣ ወይም ውሃው ከጨመረ፣ መግል ሆኖ ሊሆን ስለሚችል በአልትራሳውንድ ታይቶ በመርፌ መቀዳት አለበት። በመድኃኒት ብቻ አይተውም።

የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች

አራተኛው መስመር «የልብ መጠን ትክክለኛ ነው» ይላል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ልብ ሲደክም ትልቅ ሆኖ ውሃ ስለሚያስከትል ሐኪሙ ያንን እንዳየና እንዳላገኘው ሊነግረን ነው የጻፈው።

አምስተኛውን ግን ማንም አያነበውም፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። «ከሕመምተኛዋ ምልክቶች ጋር ተያይዞ ይታይ፤ ከሕክምና በኋላ ራጅ ይደገም።» ራጁን ያነበበው ሐኪም ያቺን ልጅ አላያትም። ትኩሳቷን አልለካም፣ ሳሏን አልሰማም። ይህን መስመር ሲጽፍ «እኔ ያየሁት ምስል ነው፤ መልሱን ሰውዬዋን የሚያይ ሐኪም ይስጥ» ማለቱ ነው። ማዳም ከወረቀቱ ላይ ፍርድ ስታነብ ወረቀቱ ራሱ «ገና አልፈረድኩም» እያለ ነበር።

ለዚያች እህት በዚያች ማታ ሁለት ዓረፍተ ነገር በድምፅ ላኩላት፤ ለእናንተም ይጠቅማል። «ቢዲ ኢሕኪ መዓ ል ሐኪም»፣ ሐኪሙን ላነጋግር እፈልጋለሁ። «ቢዲ ኑስኻ ምን ኤል ተእሪር»፣ የውጤቱ ቅጂ ይሰጠኝ። በማግስቱ ማዳም እያጉረመረመች ወሰደቻት። ሐኪሙ ጀርባዋን አዳመጠ፣ በጣቷ ላይ ኦክስጅን ለካ፣ አክታዋን ጂን ኤክስፐርት ወደሚባለው መሣሪያ ላከ። ይህ መሣሪያ የቲቢ ጀርም አክታው ውስጥ ካለ በሁለት ሰዓት ገደማ ይናገራል፤ ላቦራቶሪው ወረፋ ስላለበት ግን ውጤቱ የሚመጣው በቀን በሁለት ቀን ነው። እስከዚያ ማስክ እንድታደርግ፣ መስኮት ባለው ክፍል ለብቻዋ እንድትተኛ፣ የምች መድኃኒትም እንድትጀምር አዘዘ። አክታው ቲቢ አልተገኘበትም። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ወረደ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የተነሳው ራጅ ንጹሕ ነበር፤ ማዕዘኑም ሾሏል። ለምን ስድስት ሳምንት ተጠበቀ ብትሉ፣ ፊልም ከሰው ኋላ ነው የሚሄደው። ሰውዬዋ በሳምንት ድና ሥራ ስትጀምር ነጩ ገና ፊልሙ ላይ ሊኖር ይችላል። በአሥረኛው ቀን ራጅ ደግማችሁ «አልዳነችም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

ቲኬቱ ቀረ። የታመመችበት ቀን ደመወዝ ግን ተቆርጦባታል።

እኔ የተሳሳትኩበት

ይህን ታሪክ ብቻ ነግሬ ባቆም «ጥላ ሲታይ አትፍሩ» ያልኩ ይመስላል። እንዲያ ብዬ አውቃለሁ፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን ሌላ ሰው ነበረች።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዲት እህት ወረቀት አሳየችኝ። በግራ በኩል መካከለኛ ኢፊውዥን ይላል፤ ሳንባው ላይ ሌላ ነገር የለም። አክታዋ ተመርምሮ ቲቢ አልተገኘም። እኔም «ነፃ ነሽ፣ ውሃ ብቻ ነው፣ ይደርቃል» አልኳት። ወር ሙሉ የማታ ትኩሳት እንደነበራትና ቀሚሷ እንደሰፋባት አልጠየቅኳትም። አምስት ሳምንት ቆይታ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ሆስፒታል ገባች። ውሃው በመርፌ ሲቀዳ ቢጫ ነበር፤ ምርመራው የሽፋኑ ቲቢ መሆኑን አሳየ።

ያኔ የዘነጋሁት ይህ ነው። ቲቢ በሳንባው ሽፋን ላይ ሲቀመጥ ጀርሙ ወደ አክታ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ አክታ «የለም» ማለቱ ኢፊውዥንን ከቲቢ ነፃ አያወጣውም፤ መልሱ ያለው በውሃው ውስጥ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ቲቢ ከበዛበት አገር ነው የመጣነው፤ በወጣት ሴት ላይ በአንድ ጎን ብቻ የተጠራቀመ ውሃ ያለ ምክንያት ሲታይ ሐኪሞች መጀመሪያ ከሚጠረጥሩት አንዱ እሱ ነው። ሕክምናው ስድስት ወር ነው፤ ሁለት ወር በአራት መድኃኒት፣ አራት ወር በሁለት። ሊባኖስ ውስጥ በጤና ሚኒስቴር ብሔራዊ የቲቢ ፕሮግራም በኩል ለውጭ ሰውም በነፃ ይሰጣል። እሷ ጨርሳ ዛሬ ዶራ ትሠራለች። የእኔ አምስት ሳምንት ግን የእሷ ነበር።

ስለዚህ ወረቀት የሚያነብ ጓደኛ፣ እኔንም ጨምሮ፣ «አለብሽ» ማለትም «የለብሽም» ማለትም አይችልም። የሚችለው ቃሉን ማስረዳትና ቀጣዩን ጥያቄ ማስታጠቅ ብቻ ነው፦ ኦፓሲቲ ካለ «የምን ይመስላል? ከድሮው ፊልም ጋር ተነጻጽሯል ወይ?»፣ ኮንሶሊዴሽን ካለ «አክታ ይመርመር ወይ? ራጁ መቼ ይደገማል?»፣ ኢፊውዥን ካለ «ምን ያህል ነው? ይቀዳል ወይ?»። የድሮ ፊልም ያልኩት በምክንያት ነው። ከአገር ስትወጪ የተነሳሽው የደረት ራጅ ላይ ያው ጥላ በዚያው ቦታ በዚያው መጠን ካለ፣ ምናልባት ጠባሳ ነው። ፊልሙ ወይም ፎቶው እጅሽ ላይ ከሌለ ግን ይህን ማስረዳት አትችዪም። ከራጅ ክፍል ስትወጪ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ወረቀቱንም ፊልሙንም።

ወረቀቱ የማን ነው?

የማዳሞችን ፍርሃት አልንቅም። ቤት ውስጥ ሕፃን አለ፣ ሽማግሌ አለ። ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥንቃቄው ማስክ፣ ለብቻ መተኛትና የተከፈተ መስኮት ነው፤ ያውም አክታው እስኪታወቅ። ሳህን መለየት ምንም አይጠቅምም፣ ቲቢ በሳህን አይሄድም። ቲኬት መቁረጥ ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነው። ቲቢ ከሌለ ያለ ጥፋቷ ተባረረች። ቲቢ ካለ ደግሞ የምታስልን ሴት በተዘጋ አውሮፕላን ውስጥ ከመቶ ሰው ጋር ለሰዓታት አስቀመጥሽ፤ ሕክምናዋም ሳይጀመር ቀረ። በሁለቱም መንገድ ስህተት ነው።

የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። ይህን ሁላችንም በሕይወታችን እናውቀዋለን። ግን ሌላ ሕግ አለ፤ በ2004 የወጣው ቁጥር 574፣ ስለ ሕመምተኞች መብት። እሱ ስለ ሕመምተኛ ነው የሚያወራው። ሕመምተኛ ስለ ጤናዋ የመነገር፣ ምስጢሯ የመጠበቅ መብት አላት ይላል። ቤቱ ውስጥ በሕግ ሠራተኛ ያልተባልሽ ቢሆን እንኳ፣ ሐኪሙ ፊት ሕመምተኛ ነሽ። ገንዘቡን ማዳም ስለከፈለች ደረቱ የእሷ አይሆንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ሐኪሞች ውጤቱን መጀመሪያ ለባለቤቷ ይስጡ። ቋንቋ ካልገባት በስልክም ቢሆን አስተርጓሚ ይጠራ፤ አስተርጓሚዋ አሠሪዋ አትሁን። አክታው ወይም ውሃው ሳይመረመር በፊልም ብቻ ማንም ሰው ከቤት አይውጣ። እኛም በበኩላችን «ጥላ ታየባት» የሚለውን ወሬ በእሁድ ጉባኤያችን እንተው፤ ያንን ፈርታ ሳሏን በትራስ የምታፍን እህት አለች።

ተኝተሽም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ከንፈርሽ ከጠቆረ ወይም ደም ካሳለሽ ግን ወረቀት የማንበቢያ ጊዜ አይደለም። የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 140 ነው፤ ደውዪ።